ገጼ በአንድ ሌሊት ወደቀ፤ ምኑን ልቀይር?

የገራዶዋ · ማክሰኞ ጠዋት

እንደምን አደራችሁ። ጋቢና ባና የምሸጥበት ገጽ አለኝ፤ ተከታዩ 23,400 ደርሷል። ሱቅ የለኝም። ጋቢውን ከሸማኔዎች፣ ባናውን ከደጋ ከሚያመጡልኝ ሰዎች እረከባለሁ፤ ደሴ ቤቴ ፎቶ አነሳና አዲስ አበባና ውጭ አገር ላሉ እልካለሁ። የመድረኩን ስም አልጠራም፣ ዋናው ነገር እሱ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማታ ተኝቼ አርብ ስነሳ ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። ስለጥፍ 8 ሺህ፣ 10 ሺህ ሰው ያየው የነበረው አሁን 1,000 እና 1,500 ላይ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም፣ የጣስኩት ሕግም ያለ አይመስለኝም። የሰዓት ለውጥ ሞከርኩ፣ ሁለት የቆዩ ልጥፎች አጥፍቼ መልሼ ለጠፍኩ፣ ስሙንም ልቀይር ነበር። እህቴ «ተይው፣ ሌላ ክፈቺ» ትላለች። አራት ዓመት የሠራሁትን! ምኑን ልቀይር?

ሙጋድ ማታ · ማክሰኞ ጠዋት

አብሽሪ፣ ሁላችንም ላይ ነው። ታግደሻል፤ በስውር ነው የሚያግዱት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቀን አምስት ጊዜ ለጥፊ፣ ገጹ ይነቃል። ሊንክ ደግሞ አታስገቢ፤ መድረኩ ሰው ከቤቱ እንዲወጣበት ስለማይፈልግ ሊንክ ያለበትን ይቀብረዋል።

የገራዶዋ · ማክሰኞ ጠዋት

ሊንክ የምለጥፈው እኮ በወር አንዴ ቢሆን ነው። ስልክ ቁጥሬን ነው የምጽፈው።

ወልድያ ቲዩብ · ማክሰኞ ረፋድ

የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። አጫጭር ቪዲዮ ነው የምሠራው፣ ዩቲዩብ ላይ። ባለፈው ዓመት ቁጥሬ በአንድ ቀን ሲዘል ለቡና ሰው ሁሉ ጠራሁ፤ ገቢው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። በኋላ ነው የገባኝ፦ ከማርች 31 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቪዲዮው መጫወት ከጀመረ፣ ሰውዬው ወዲያው ቢያልፈውም፣ እንደ አንድ እይታ ይቆጠራል። ክፍያውን የሚወስነው ግን እንደ ድሮው ቆም ብለው ያዩት ሰዎች ቁጥር ነው። ስለዚህ አንቺም ዩቲዩብ ብትገቢ ይሻልሻል፤ እዚያ ቁጥር አይወድቅም።

ቦርከና · ማክሰኞ ከሰዓት

የወልድያው ወንድማችን ምክሩ ባይሆንም ታሪኩ ይጠቅማል። ቁጥር ሲዘል ሰው ሳይጨምር ሊሆን እንደሚችል ሁሉ፣ ሲወድቅም ሰው ሳይቀንስ ሊሆን ይችላል። መቁጠሪያው ሲቀየር ስሙ እዚያው ይቀራል፣ የሚለካው ነገር ግን ሌላ ይሆናል። ኮምቦልቻ ተቀምጬ የስድስት ድርጅቶችን ገጽ አያለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥሪ በየጥቂት ወሩ ይመጣልኛል።

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምረሽ ምንም አትቀይሪ። ያጠፋሻቸው ሁለቱ ልጥፎች እንኳ ከነአስተያየታቸውና ከነማስረጃቸው ሄደዋል። አራት ነገር አምጪልኝ።

አንደኛ፣ ከመውደቁ በፊት የነበሩትን 20 ልጥፎችና ከወደቀ ወዲህ ያሉትን በሙሉ በወረቀት ላይ ጻፊ። አማካይ አታውጪ፤ አንድ ልጥፍ 90 ሺህ ከደረሰ አማካዩ ይዋሽሻል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪና መሃል ላይ የተቀመጠውን ውሰጂ።

ሁለተኛ፣ ካዩት ውስጥ ተከታይሽ የሆነውና ያልሆነው ስንት እንደሆነ ለይ። የገጹ መረጃ ክፍል ውስጥ አለ።

ሦስተኛ፣ በየከተማው ለይተሽ እዪው። የወደቀው ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ሆኖ አዲስ አበባና ውጭ አገር እንደነበረ ካለ፣ ነገሩ መስመር ነው እንጂ አልጎሪዝም አይደለም። በ2015 ሐምሌ መጨረሻ አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንድ ደንበኛዬ «ገጼን አፈኑት» ብሎ ሦስት ቀን አስጨንቆኛል። ያፈነውም የለ፤ ተከታዮቹ ስልካቸው ላይ መስመር አልነበራቸውም።

አራተኛ፣ ስንት ጋቢ ሸጥሽ? በፊትና አሁን፣ በሳምንት።

ሙጋድ ማታ · ማክሰኞ ከሰዓት

አራት ነገር ጻፍክ፣ እኔ በአንድ መስመር ጨርሼዋለሁ። ቡስት ታድርግና ትገላገል።

ቦርከና · ማክሰኞ ከሰዓት

የተከፈለበት ሪች የሚመጣው ክፍያው እስካለ ድረስ ነው፤ በነጻ የነበረውን አይመልስም። ደግሞ ምን እንደተበላሸ ሳታውቅ ብታስከፍላት የተበላሸውን ልጥፍ ነው ገንዘብ አውጥታ የምታሳየው። ለዚያውም የእኛ አገር ካርድ አልቀበል ብሎ በሰው በኩል ዶላር ስታፈላልግ ሳምንቱ ያልቃል።

ሐይቅ ዳር · ማክሰኞ ማታ

ልጆች፣ እኔ ማር ነው የምሸጠው፤ እድሜዬም ገፍቷል። ገጽ ምናምን የለኝም፣ ልጄ ቴሌግራም ከፍታልኝ 300 ሰው አለ። ማሩ ሲደርስ እጽፋለሁ፣ በሁለት ቀን ያልቃል። ይህ ወደቀ ወጣ የምትሉት ምኑ ነው? የሚያየው ሰው አለ አይደል?

የገራዶዋ · ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እርስዎ ታድለዋል። እኔ ዘንድ እኮ 23 ሺህ ሰው «እፈልግሻለሁ» ብሎ ቢመዘገብም የማወራው ለማን እንደሆነ የሚወስነው መድረኩ ነው።

ቦርከና፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ እሠራዋለሁ።

የገራዶዋ · ረቡዕ ጠዋት

እንቅልፍ አጥቼ ሠራሁት። አሁን ደግሞ ያሳፈረኝ ነገር አለ፣ እነግራችኋለሁ።

በፊት፦ 20 ልጥፍ፣ መሃለኛው 8,200። ካዩት መቶ ሰዎች 78ቱ ተከታዮቼ አልነበሩም።
አሁን፦ 14 ልጥፍ፣ መሃለኛው 1,450። ከመቶው ተከታይ ያልሆኑት 20 ብቻ ናቸው።

ከተማውን አየሁት፤ አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ዱባይም እኩል ወርዷል። ስለዚህ መስመር አይደለም።

ሽያጩ በደብተሬ አለ፤ የገዛኝን ሁሉ «ከየት አያችሁኝ?» እያልኩ እጽፋለሁ። ከመውደቁ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት 9፣ 12፣ 10፣ 11 ትእዛዝ። ከወደቀ በኋላ ባለው ሳምንት 9። ቁጥሩ እንደዚያ ወድቆ ሽያጩ ብዙም አለመውረዱ ገርሞኛል፤ ልቤ ግን አላረፈም።

የሚያሳፍረው ይኸው፦ ከበፊቱ 20 ልጥፎች ውስጥ 10ሩ የራሴ አይደሉም። ከሌላ ገጽ ያወረድኳቸው ክሊፖች ናቸው፦ የወሎ ጭፈራ፣ የላሊበላ ገደል፣ የሐይቅ ጀልባ። «ይህን ሼር ያላደረገ ወሎዬ አይደለም» እያልኩ ነበር የምለጥፋቸው። ገጹን ለማሞቅ ብዬ ነው።

ቦርከና · ረቡዕ ከሰዓት

አሁን ነገሩ ይታያል። አንድ ጊዜ ደግሞ ልጨቅጭቅሽ፦ መሃለኛውን በዓይነት ለይተሽ አውጪው። ክሊፑ ለብቻ፣ የጋቢ ፎቶው ለብቻ፣ የራስሽ ቪዲዮ ለብቻ።

የገራዶዋ · ረቡዕ ማታ

የሰው ክሊፕ፦ ከ14,000 ወደ 900።
የጋቢና የባና ፎቶ፦ ከ2,100 ወደ 1,800።
ራሴ የቀረጽኩት ቪዲዮ (ጥቂት ነው፣ በፊት ሦስት፣ አሁን ሁለት)፦ ከ5,000 ወደ 2,600።

ቦርከና · ረቡዕ ማታ

እንግዲህ ገጽሽ አልወደቀም። ክሊፖቹ ወደቁ፤ ከልጥፎችሽ ግማሹ እነሱ ስለሆኑ መሃለኛውን ይዘውት ወረዱ። ፎቶው እንደነበረ ነው ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ከሚመጣው መዋዠቅ አይበልጥም። የራስሽ ቪዲዮ ቀንሷል፣ ግን በሁለት ቪዲዮ ምንም አይፈረድም።

ለምን ክሊፑ? ማረጋገጥ አልችልም፣ መድረኩ አልነገረሽምና። አካሄዱ ግን የታወቀ ነው። ፌስቡክ በጁላይ 2025 የሌላ ሰው ሥራ ደጋግመው የሚለጥፉ ገጾች ስርጭታቸውን እንደሚቀንስ በይፋ አስታውቋል፤ ቅጣቱ ደግሞ በተሰረቀው ክሊፕ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ገጹ የሚለጥፈውን ሁሉ ይነካል። የራስሽ ቪዲዮ መቀነሱን የምጠረጥረው በዚህ ነው። «ሼር ያላደረገ ወሎዬ አይደለም» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ እንዲህ ሰውን አስገድዶ ላይክና ሼር የሚለምን ጽሑፍ እንዲወርድ ፌስቡክ የወሰነው ገና በዲሴምበር 2017 ነው። አንቺ ያለሽበት መድረክ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ትላልቆቹ ግን በዚህ ነገር ተከታትለው ነው የሚሄዱት።

ተከታይ ያልሆነው ከ78 ወደ 20 መውረዱም ይህንኑ ይናገራል። ተከታዮችሽ ዘንድ የሚደርሰው በመጠኑ ነው የቀነሰው፤ የተዘጋው መድረኩ ለማያውቁሽ ሰዎች የሚመክርበት በር ነው። ይህን የሚነግርሽ ቦታ ካለ እዪው፤ ስሙ በየመድረኩ ይለያያል፣ ኢንስታግራም ላይ `Account Status` ይባላል። ገጽሽ ለማያውቁት ሰዎች ሊመከር ይችል እንደሆነ እዚያ ይጻፋል። እዚያ «ችግር የለም» ቢልሽ ግን ነጻ ነሽ ማለት አይደለም፤ የሚያሳየው የሕግ ጥሰትን ነው፣ የደረጃ ቅነሳን ሁልጊዜ አያሳይም።

ሙጋድ ማታ · ረቡዕ ማታ

ስውር እገዳ ነው አላልኩም?

ቦርከና · ረቡዕ ማታ

ግማሹን ብለሃል። በሩ መዘጋቱ ልክ ነው። ግን በቀን አምስት ጊዜ ብትለጥፍ ኖሮ ያንኑ ክሊፕ አምስት ጊዜ ነበር የምትጥልበት።

ባቲ ሰኞ · ሐሙስ ጠዋት

እኔ ግን አልስማማም። እነዚያ ክሊፖች ናቸው እኮ 23 ሺሁን ያመጡት። እኔ ባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ግመሉን፣ ፍየሉን እቀርጻለሁ፣ የራሴ ነው፣ ተከታዬ 4 ሺህ አልሞላም። የሰው ክሊፕ ባይኖር ማን ያውቃት ነበር? አሁን ካቆመች አዲስ ሰው ከየት ይመጣል?

የገራዶዋ · ሐሙስ ረፋድ

ይህን እኔም አስቤ ደብተሬን ከፈትኩ። በአራቱ ሳምንታት ከገዙኝ 42 ሰዎች በክሊፕ መጣን ያሉት 5 ናቸው። ሌሎቹ የዘመድ ጋቢ አይተው፣ ፎቶ አይተው ወይ ድሮ ገዝተው የተመለሱ። ጭፈራ ሊያይ የመጣ ሰው ጭፈራ ነው የሚጠብቀው፤ ጋቢ ስለጥፍ ያልፈዋል። ምናልባት ያንን አይቶም ይሆናል መድረኩ «ይህቺን ሴትዮ ተከታዮቿም አይፈልጓትም» ያለው።

ባቲ ሰኞ · ሐሙስ ረፋድ

አምስቱም ቢሆን ከአርባ ሁለት አምስት ነው። ቀላል አይደለም።

ቦርከና · ሐሙስ ከሰዓት

ልክ ነሽ፣ ቀላል አይደለም። በክሊፕ መጥቶ ተከታይ ሆኖ ከስድስት ወር በኋላ በፎቶ የገዛ ሰውም ደብተሩ ላይ «በፎቶ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ክሊፑ ምንም አልጠቀመም ብዬ አልምልም። ግን ምርጫው አሁን በሷ እጅ አይደለም፤ ክሊፑ ከእንግዲህ 14 ሺህ አያመጣም፣ 900 ነው የሚያመጣው።

እንዲህ አድርጊ። ለሦስት ሳምንት የሰው ክሊፕ አቁሚ፣ የልመና ጽሑፉንም። የድሮዎቹን ለማጥፋት አትቸኩዪ፤ ብታጠፊያቸው በሩ ይከፈት እንደሆነ አናውቅም፣ ለማነጻጸር ግን ያስፈልጉናል። ፎቶውን በድሮው መጠን፣ በድሮው ሰዓት ለጥፊ፤ እሱ ምንም ሳይነካ ይቆይ፣ ሚዛናችን እሱ ነው። ፎቶውም አብሮ ቢወርድ ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው። በክሊፑ ቦታ በሳምንት ሦስት የራስሽን ቪዲዮ አስገቢ። የምትቀይሪው እሱን ብቻ ነው። ሰዓቱንም፣ ስሙንም፣ አርማውንም አብረሽ ከቀየርሽ ቢነሳም ቢወድቅም ምክንያቱን አታውቂውም።

ስለ ቪዲዮው አንድ ነገር፦ ያሉሽን አይቻቸዋለሁ፤ ሁሉም በገጽሽ አርማና በሙዚቃ ይጀምራሉ፣ አምስት ሰከንድ ያህል። ሰው በሁለተኛው ሰከንድ ሄዷል። መወርወሪያው ድሩ መሃል ሲያልፍ ከነድምፁ ጀምሪው። የገጽሽን ስም መጨረሻ ላይ የሚፈልገው ያነበዋል።

ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ደግሞ የሐይቁን አባት ምክር ስሚ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ደረጃ የሚያወጣ የለም፤ የጻፍሽው የገባው ሰው ሁሉ ዘንድ በተራው ይደርሳል። ድምፁን የዘጋ ላያየው ይችላል፣ ስንት ሰው እንዳየው ግን ዓይኗ ምልክት ጎን ይጻፋል። ችግሩ አዲስ ሰው በራሱ አያመጣልሽም። ስለዚህ ገዢዎችሽን ነው ወደዚያ የምታሻግሪው፣ ተመልካቹን ሁሉ አይደለም።

ሐይቅ ዳር · ሐሙስ ማታ

ምክር አልሰጠሁም፣ ጥያቄ ነበር የጠየቅሁት። ግን ልጄ ያደረገችውን ልንገርሽ፦ ትንሽ ወረቀት አሳትማ በየማሰሮው አንገት አሰረችው፣ ስልኩና የቻናሉ ስም አለበት። ማሩ ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀራል።

የገራዶዋ · ሐሙስ ማታ

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። በየጋቢው እጥፋት ውስጥ አስገባለሁ። ሦስት ሳምንት እጠፋለሁ፣ ስመለስ ቁጥር ይዤ ነው።

ወልድያ ቲዩብ · አርብ

እና ዩቲዩብ አልገባሽም ማለት ነው?

የገራዶዋ · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

መጣሁ። ፎቶው፦ መሃለኛው 1,900። እንደነበረ ነው። የራሴ ቪዲዮ፦ ዘጠኝ ለጠፍኩ፣ መሃለኛው 3,100። አንዱ 19 ሺህ ደረሰ፤ አንዲት እናት የበግ ጠጉር ሲፈትሉ፣ ለባና። እኔ ምንም አልተናገርኩም፣ እንዝርቱ ብቻ ነው የሚሰማው። ተከታይ ያልሆነው ከመቶ 20 የነበረው 41 ደርሷል።

ሽያጭ፦ 10፣ 8፣ 13። ቻናሉ ላይ 212 ሰው ገብቷል፤ ከመጨረሻው ሳምንት 13 ትእዛዝ አራቱ ከዚያ ናቸው። ከ19 ሺሁ ቪዲዮ ግን አንድም አልተሸጠም! ሁሉም «እናቴን አስታወሰችኝ» ብሎ አስተያየት ጽፎ ሄደ።

ሙጋድ ማታ · እሑድ

3,100 ከ14 ሺህ ጋር ሲነጻጸር ምኑ ድል ነው? የድሮው አልተመለሰም።

ቦርከና · እሑድ ማታ

አልተመለሰም፣ ይመለሳል ብዬም አልጠብቅም። ከ2,600 ወደ 3,100 መሄዱንም ገና አላምንበትም፤ የበፊቱ ሁለት ቪዲዮ ነበር። 13 ትእዛዙም በብርዱና በሠርጉ ወራት መጀመሪያ ላይ ነው የመጣው፤ አምና በዚህ ሰሞን ስንት ሸጣ እንደነበር ደብተሯ ይናገራል። የማምነው ከ20 ወደ 41 የሄደውን ነው፣ እሱ በብዙ ሰው ላይ የተቆጠረ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ክሊፑን በማቆሟ ነው ወይስ አርማውን ከፊት በማንሳቷ? አየሽ፣ እዚህ እኔም ስቼ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አስቀየርኩሽ።

ባቲ ሰኞ · እሑድ ማታ

ታዲያ አርማውን በሁለት ቪዲዮ ላይ መልሳ ትሞክረዋ።

ቦርከና · እሑድ ማታ

በሁለት አይታወቅም። ስድስት ከአርማ ጋር፣ ስድስት ያለ አርማ፣ እያፈራረቀች፤ ያ ደግሞ አራት ሳምንት ይወስዳል።

የገራዶዋ · ሰኞ ጠዋት

አምና በዚህ ሰሞን 11 ነበር፣ አየሁት። አርማውን አልመልስም፣ ለሙከራ ብዬ የሚያስጠላኝን አልሠራም። የኔ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ከሸማኔዎቹ አንዱ «ከእንግዲህ አትቅረጪኝ፣ ጎረቤት እያሾፈብኝ ነው» ብሎኛል፣ ጥሩ ጥሩውን ጥለት የሚሠራው ደግሞ እሱ ነው። ፊቱን ትቼ እጁን ብቻ ላንሳ ብለው እሺ ይለኝ ይሆን? ነገ ቡና ይዤለት እሄዳለሁ።